የጽንሱን ልብ ምት ከጫጫታ ውስጥ የሚያወጣው ስሌት

ምጥ በያዛት እናት ሆድ ላይ ሁለት ቀበቶዎች ይታሰራሉ። አንደኛው የማህፀኗን መኮማተር ይከታተላል። በሌላኛው ሥር ያለችው ክብ መሣሪያ፣ ቅባት ተቀብታ ቆዳዋ ላይ የተቀመጠችው፣ የጽንሱን ልብ ትፈልጋለች። ከአልጋው አጠገብ የቆመው ማሽን፣ ባለሙያዎቹ ሲቲጂ የሚሉት፣ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ያሳያል፦ 150፣ ጥቂት ቆይቶ 146፣ ከዚያ 152። ሐኪሙም አዋላጇም ይህን ቁጥር እያዩ ይወስናሉ። መሠረታዊው ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ባለው ውስጥ ከሆነ ልክ ነው ይባላል። ወርዶ በዚያው ከቆየ ግን እናትየዋ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ልትገባ ትችላለች።

ማሽኑ ግን ልቡን አይቶ አይቆጥርም። ወደ ጆሮው የሚመጣው የተደበላለቀ ድምፅ ነው፤ ቁጥሩ የሚወጣው ከዚያ ድምፅ ላይ በሚሠራ ስሌት ነው። ስሌቱ አውቶኮሪሌሽን ይባላል። ስሙ ያስፈራ እንደሆነ እንጂ ሥራው ማባዛትና መደመር ብቻ ስለሆነ፣ ወረቀትና እርሳስ ያለው ሰው ሁሉ ሊሠራው ይችላል። እዚህ 16 ቁጥሮችን ይዘን እስከ መጨረሻው እንሠራዋለን። ከዚያ በኋላ የት ላይ እንደሚስት እናያለን፤ በማዋለጃ ክፍል የታወቁት የዚህ ማሽን ስህተቶች ከስሌቱ ከራሱ ጠባይ የሚመጡ ናቸውና፣ ስሌቱን ያልተረዳ ሰው ስህተቱንም ለመጠርጠር ይቸገራል።

ጫፍ መቁጠር ለምን አይበቃም?

ሆድ ላይ የተቀመጠችው መሣሪያ የሰው ጆሮ የማይሰማው የአልትራሳውንድ ሞገድ ወደ ውስጥ ትልካለች። ሞገዱ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያገኝ ድግግሞሹ በጥቂቱ ተለውጦ ይመለሳል። ይህ የዶፕለር ክስተት ነው። ማሽኑ ለውጡን ብቻ ለይቶ ያወጣና በየቅጽበቱ ምን ያህል እንቅስቃሴ እንዳለ የሚናገር የቁጥር ሰልፍ ያዘጋጃል። ከድምፅ ማጉያው የምንሰማው የፈረስ ግልቢያ የመሰለ ድምፅ የዚህ እንቅስቃሴ ድምፅ ነው።

ችግሩ አንድ የልብ ምት አንድ እንቅስቃሴ ብቻ አለመሆኑ ነው። የልቡ ግድግዳ ይኮማተራል፣ ይላላል፤ ቫልቮቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ስለዚህ በአንድ ምት ውስጥ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ጉብታዎች ይታያሉ። ጽንሱ ትንሽ ሲገላበጥ ትናንት ትልቅ የነበረው ጉብታ ዛሬ ያንሳል ብቻ ሳይሆን በሴኮንዶች ልዩነት ቦታ ይለዋወጣሉ። በዚህ ላይ የእናትየዋ ትንፋሽ፣ በደም ሥሮቿ ውስጥ የሚሮጠው ደም፣ የጽንሱ እጅና እግር፣ የቀበቶው መንሸራተት ሁሉ ይጨመራል። ይህን ሁሉ ያልተፈለገ ነገር ጫጫታ እንበለው።

አሁን ቁጥሮቹን እንያዝ። ለማስረዳት ያዘጋጀኋቸው ናቸው። የጽንሱ ልብ በደቂቃ 150 ጊዜ ይመታል እንበል፤ ይህም ማለት አንዱ ምት ከሚቀጥለው በ0.4 ሴኮንድ ይርቃል። ማሽናችን በየ0.1 ሴኮንዱ አንድ ንባብ ይወስዳል፣ ስለዚህ በአንድ ምት ውስጥ አራት ንባቦች ይገባሉ። ጫጫታ ባይኖር ኖሮ እያንዳንዱ ምት 8፣ 4፣ 6፣ 2 እያለ ይደጋገም ነበር። 8ቱ ዋናው ጉብታ ነው፤ 6ቱ ሁለተኛው። ጫጫታውን ስንጨምርበት ማሽኑ የሚያገኘው ይህንን ነው፦

7፣ 6፣ 6፣ 3፣ 9፣ 2፣ 8፣ 2፣ 6፣ 4፣ 7፣ 1፣ 9፣ 5፣ 4፣ 1

ቀላሉ ዘዴ ወሰን አስቀምጦ ጫፍ መቁጠር ነው። 7ና ከዚያ በላይ የሆነውን ሁሉ የልብ ምት ነው ብንል 1ኛው፣ 5ኛው፣ 7ኛው፣ 11ኛውና 13ኛው ንባብ ይያዛሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት 4፣ 2፣ 4፣ 2 ነው። ወደ ምት ሲመነዘር ማሽኑ 150፣ 300፣ 150፣ 300 ያሳያል፤ በአማካይ ቢወሰድ ደግሞ 200። ምን እንደተፈጠረ ልብ በሉ። በሁለተኛው ምት ላይ ትንሹ ጉብታ በጫጫታ ተገፍቶ 8 ደረሰና እንደ ሌላ ምት ተቆጠረ። በሦስተኛው ምት ላይ ዋናው ጉብታ ወደ 6 ወርዶ ተዘለለ፣ በምትኩ ትንሹ ተያዘ። ወሰኑን ወደ 9 ከፍ ብናደርግ 5ኛውና 13ኛው ብቻ ይቀራሉ፤ ርቀታቸው 8 ነው፤ ማሽኑ 75 ይላል። ወደ 6 ብናወርደው ጭራሽ ሁሉም ነገር ምት ይሆናል። ትክክለኛ ወሰን የለም፤ ምክንያቱም ውሳኔው በእያንዳንዱ ንባብ ላይ ለብቻው የተንጠለጠለ ነው፣ እያንዳንዱ ንባብ ደግሞ በጫጫታ የተበላሸ ነው።

ሰልፉን ከራሱ ጋር ማስተያየት

አውቶኮሪሌሽን ጥያቄውን ይለውጠዋል። «ጫፉ የትኛው ነው?» አይልም። «ይህን ሰልፍ ስንት እርምጃ ባንሸራትተው መልሶ ራሱን ይመስላል?» ብሎ ይጠይቃል። መስመሩን በሁለት ስስ ላስቲኮች ላይ ስለን አንዱን በሌላው ላይ ብናነባብርና የላይኛውን ቀስ እያልን ወደ ጎን ብንገፋው፣ ጉብታ በጉብታ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ስንደርስ ዓይናችን ይለየዋል። ስሌቱ ያንን መመሳሰል በቁጥር ይለካል።

የመጀመሪያው ሥራ አማካዩን መቀነስ ነው። የ16ቱ ንባቦች ድምር 80 ስለሆነ አማካዩ 5 ነው። ከእያንዳንዱ 5 ስንቀንስ ይህን እናገኛለን፦

2፣ 1፣ 1፣ −2፣ 4፣ −3፣ 3፣ −3፣ 1፣ −1፣ 2፣ −4፣ 4፣ 0፣ −1፣ −4

ይህ እርምጃ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። አማካዩ ካልተቀነሰ ሁሉም ቁጥሮች ፖዘቲቭ ስለሆኑ በየትኛውም ሽግሽግ ላይ ብዜቱ ትልቅ ይሆናል፤ መመሳሰልና አለመመሳሰል አይለይም። ከተቀነሰ በኋላ ግን ከአማካይ በላይ ያለ ንባብ ፖዘቲቭ፣ በታች ያለው ኔጌቲቭ ነው። ሁለት ጉብታዎች ሲገናኙ ብዜታቸው ፖዘቲቭ ነው፤ ሁለት ጉድጓዶች ሲገናኙም እንዲሁ። ጉብታ ከጉድጓድ ጋር ሲገናኝ ኔጌቲቭ ይወጣል። ድምሩ እንግዲህ የመስማማትና የመቃረን ሂሳብ ነው።

በአራት እርምጃ እንሽሽገው። 1ኛውን ከ5ኛው፣ 2ኛውን ከ6ኛው፣ 3ኛውን ከ7ኛው እያልን እስከ 12ኛውና 16ኛው ድረስ እናባዛለን። 12 ጥንዶች አሉን። ብዜቶቹ በቅደም ተከተል 8፣ −3፣ 3፣ 6፣ 4፣ 3፣ 6፣ 12፣ 4፣ 0፣ −2 እና 16 ናቸው። ሲደመሩ 57። ከ12ቱ ጥንዶች ኔጌቲቭ የሆኑት ሁለት ብቻ እንደሆኑ አስተውሉ፤ እነሱም ትንንሽ ናቸው።

በአንድ እርምጃ ብናሸጋሽገው፣ ማለትም እያንዳንዱን ከጎረቤቱ ጋር ብናባዛው፣ ድምሩ −63 ይሆናል፤ ጉብታው ከጉድጓዱ ጋር ተጋጭቷል። በሁለት እርምጃ 47፣ በሦስት −53፣ በአራት ያልነው 57፣ በአምስት −49፣ በስድስት 41፣ በሰባት −39፣ በስምንት 36። ከፍተኛው በአራት ላይ ነው። አራት እርምጃ 0.4 ሴኮንድ ነው፤ 60ን ለ0.4 ስናካፍል 150። ጫፍ መቁጠር 150 እና 300 እያለ ሲዋልል የነበረበት ያው ሰልፍ ትክክለኛውን መልስ ሰጠ።

ለምን እንደሠራ ግልጽ የሚሆነው ምንም ሳናሸጋሽግ የምናገኘውን ድምር ስናይ ነው። እያንዳንዱን ቁጥር በራሱ አባዝተን ብንደምር 108 ይወጣል። ጫጫታውን እኔው ስለጨመርኩት 108ቱን ከፍዬ ማሳየት እችላለሁ፦ 80ው የንጹሑ ምት ድርሻ ነው፣ 28ቱ የጫጫታው። ሳይሸጋሸግ ጫጫታው ከራሱ ጋር ስለሚባዛ በሙሉ ኃይሉ ይቆጠራል። በአራት እርምጃ ስናሸጋሽግ ግን በ1ኛው ንባብ ላይ ያረፈው ጫጫታ ከ5ኛው ጫጫታ ጋር ነው የሚገናኘው፣ ሁለቱ ደግሞ አይተዋወቁም። አንዱ ጥንድ ላይ የጨመረውን ሌላው ጥንድ ላይ ይቀንሰዋል። ጫጫታ ባይኖር ኖሮ በአራት ላይ የምናገኘው ድምር 60 ነበር፤ ያገኘነው 57 ነው። ያ 28 የነበረ ጫጫታ ወደ 3 ዝቅ አለ ማለት ነው። የልቡ ምት ግን በየአራት እርምጃው ስለሚመለስ ድርሻውን አላጣም። የዘዴው ጉልበት በሙሉ እዚህ ላይ ነው፦ ሁሉም ንባቦች አብረው ይመሰክራሉ፤ የተበላሸ አንድ ንባብ ብቻውን ውሳኔውን አይገለብጥም።

ይህ የሚሆነው ግን ጫጫታው ራሱ ዑደት ከሌለው ብቻ ነው። ይህን ቅድመ ሁኔታ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን፤ ከሁሉ አደገኛው ስህተት የሚመጣው በእሱ በኩል ነውና።

ግማሽና እጥፍ

ከላይ ያሉትን ድምሮች መልሳችሁ ብታዩ አንድ የሚያሳስብ ነገር ታገኛላችሁ። በሁለት እርምጃ 47 ወጥቷል፣ ከ57 ብዙም አይርቅም። በስምንትም 36 አለ። እነዚህ በአጋጣሚ የመጡ አይደሉም። በሁለት ሲሸጋሸግ ዋናው ጉብታ በሁለተኛው ጉብታ ላይ ያርፋል፤ ሙሉ በሙሉ ባይስማሙም ይመሳሰላሉ። በስምንት ሲሸጋሸግ ደግሞ እያንዳንዱ ምት ከሚቀጥለው ሳይሆን ከቀጣዩ ማዶ ካለው ምት ጋር ይገናኛል፤ በ0.4 ሴኮንድ የሚደጋገም ነገር በ0.8 ሴኮንድም ይደጋገማልና መመሳሰሉ ያው ነው። ሁለትን የመረጠ ማሽን 300 ይላል፤ ስምንትን የመረጠ 75።

36 ከ57 በእጅጉ ያነሰ አይደለም ወይ ትሉ ይሆናል። ያነሰው በአብዛኛው በስምንት ሽግሽግ ላይ ስምንት ጥንዶች ብቻ ስለቀሩ ነው። ድምሩን ለጥንዶቹ ብዛት ስናካፍል በአራት ላይ 4.75፣ በስምንት ላይ 4.5 ይሆናል። ልዩነቱ እጅግ ጠባብ ነው፤ ጥቂት ንባቦች ቢዛቡ ስምንት ሊያሸንፍ ይችል ነበር። በሁለት ላይ ያለው 3.36፣ በስድስት ላይ ያለው 4.1 ነው።

ታዲያ ማካፈል ነው ወይስ አለማካፈል የሚሻለው? ሳይካፈል ሲቀር ድምሩ ሽግሽጉ በረዘመ ቁጥር በራሱ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ስለዚህ ወደ አጭሩ ዑደት ያደላል፤ ምቱን በእጥፍ የማሳየት አደጋ አለው። ሲካፈል አድልዎው ይጠፋል፣ ነገር ግን በረዥም ሽግሽግ ላይ የቀሩት ጥቂት ጥንዶች ስለሆኑ ጫጫታው እንደገና ያይላል፤ ምቱን በግማሽ የማሳየት አደጋ ይመጣል። በምልክት ስሌት የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚይዙት መካከለኛ መንገድ አካፍሎ ከፍተኛውን ካገኙ በኋላ፣ ለዚያ የተወሰነ ያህል ከቀረቡት መካከል የመጀመሪያውን መውሰድ ነው። ወሰኑ 80 በመቶ ይሁን እንበል። በእኛ ሰልፍ የሁለት እርምጃው 3.36 ከ4.75 ጋር ሲተያይ 71 በመቶ ገደማ ነው፣ አያልፍም፤ አራት ይመረጣል። ባላካፈልነው ድምር ብንሠራ ግን 47 ከ57 82 በመቶ ስለሆነ ሁለት አልፎ 300 ይወጣ ነበር። በእኔ አስተያየት አካፍሎ መሥራቱ ይበልጣል፣ ወሰኑ ግን በሕግ የተጻፈ ነገር ስላልሆነ እያንዳንዱ የማሽን ሠሪ የራሱን ይመርጣል።

አንድ ተጨማሪ መከላከያ አለ፤ የማይሆነውን አለመፈለግ። የጽንስ ልብ በደቂቃ ከ50 እስከ 240 ውስጥ ነው ተብሎ ቢወሰን፣ በእኛ ንባብ ከሦስት እርምጃ በታች መፈለግ አያስፈልግም፤ 300 ገና ከበሩ ይመለሳል። ነገር ግን ይህ መከላከያ የሚያቆመው ግልጽ የሆነውን ስህተት ነው። የጽንሱ ልብ እጅግ ወርዶ 70 ላይ ሲሆን ማሽኑ በእጥፍ ቢሳሳት የሚያሳየው 140 ነው። ይህ የተፈቀደ ቁጥር ብቻ አይደለም፣ ደስ የሚያሰኝ ቁጥር ነው። ልቡ በዝግታ ሲመታ በአንድ ምት ውስጥ ያሉት ሁለት ጉብታዎች ተራርቀው ራሳቸውን የቻሉ ምቶች መምሰላቸው ስህተቱን ያግዘዋል። በተቃራኒው ልቡ በበሽታ ምክንያት እስከ 240 ሲሮጥ በግማሽ የተሳሳተ ማሽን 120 ይላል። ሁለቱም ጊዜ አደጋው በጤናማ ቁጥር ተሸፍኖ ይቀርባል።

እንዲህ ያለውን ስህተት ከወረቀቱ ላይ መለየት ይቻላል። እውነተኛ የልብ ምት ሲወርድም ሲወጣም መንገድ አለው፤ መስመሩ በሴኮንዶች ውስጥ ተዳፋት ይሠራል። በስሌት ስህተት የመጣ ለውጥ ግን ይዘላል፦ 70 የነበረው መስመር ተቆርጦ በትክክል 140 ላይ ይቀጥላል፣ ከዚያ እንደገና ተቆርጦ ይመለሳል። ዝላዩ እጥፍ ወይም ግማሽ ከሆነ መጠርጠር ያለበት መጀመሪያ ስሌቱ ነው።

ከ16 ንባብ ወደ እውነተኛው ማሽን

በ0.1 ሴኮንድ እርምጃ የሚሠራ ማሽን ለማስተማር እንጂ ለማዋለጃ ክፍል አይሆንም። ሦስት እርምጃ 200 ነው፣ አራት 150፣ አምስት 120። በመካከላቸው ምንም የለም። ሐኪሞች ደግሞ ከመሠረታዊው ምት ባልተናነሰ የሚመለከቱት ምቱ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ነው፤ ከ5 እስከ 25 የሚደርስ መወዛወዝ የጤና ምልክት ነው። ይህን ለማየት ንባቡ በጣም መቅረብ አለበት። በየሺኛው ሴኮንድ አንድ ንባብ ብንወስድ 400 እርምጃ 150 ሲሆን 401 እርምጃ 149.6 ይሆናል፤ ይህ ይበቃል።

ንባቡን ሳያበዙ ልኬቱን የማጥራት መንገድም አለ። በከፍተኛው ነጥብና በግራ ቀኙ ባሉት ሁለት ነጥቦች ላይ ጉልላት የመሰለ ኩርባ፣ ፓራቦላ፣ አልፈን ጫፉ የት እንደሚያርፍ እናሰላለን። በእኛ ምሳሌ ሦስቱ ነጥቦች −53፣ 57 እና −49 ናቸው። ቀኙ ከግራው በጥቂቱ ከፍ ስለሚል ጫፉ ከአራት ትንሽ ወደ ቀኝ፣ 4.01 አካባቢ ያርፋል። ይህም 149.7 ምት ነው። ንባቡ እንደ እኛ በጣም የተራራቀ ሲሆን ይህን ያህል ማመን ባይገባም፣ ቀረብ ቀረብ ባሉ ንባቦች ላይ ጥሩ ይሠራል።

ሌላው ውሳኔ በአንድ ጊዜ ስንት ሴኮንድ መውሰድ ነው። ሰልፉ ከራሱ ጋር እንዲተያይ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ዑደት ያስፈልጋል። ዝቅተኛው የምንፈልገው ምት 60 ከሆነ ሁለት ሴኮንድ ማለት ነው። ጊዜውን ብናረዝመው ጥንዶቹ ይበዛሉ፣ ጫጫታው ይበልጥ ይጣፋል። ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ልቡ ራሱ ፍጥነቱን ከለወጠ፣ የመጀመሪያዎቹ ምቶች በ0.40 የመጨረሻዎቹ በ0.43 ሴኮንድ ከተራራቁ፣ ጉብታዎቹ በአንድ ሽግሽግ ላይ አብረው አያርፉም። ጫፉ ይሰፋል፣ ያጥራል። ስለዚህ ከሆድ ላይ የሚወሰደው ልኬት የጥቂት ምቶች አማካይ ነው፤ እያንዳንዱን ምት ከሚቀጥለው ጋር ለማወዳደር ከተፈለገ በጽንሱ ራስ ቆዳ ላይ የሚያያዝ ኤሌክትሮድ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ማባዛት በየጊዜው መሥራት ቀላል አልነበረም። በየሺኛው ሴኮንድ የተወሰደ የሁለት ሴኮንድ ንባብ ይዘን ከ50 እስከ 240 ያለውን ምት ብንፈልግ፣ አንድ ቁጥር ለማግኘት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ብዜት እንሠራለን። ጀርመናዊው ሐኪም ኮንራድ ሃማከርና ሂውሌት ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1968 የመጀመሪያዎቹን ለገበያ የቀረቡ የጽንስ ልብ መከታተያዎች ሲያወጡ እንዲህ ያለ ስሌት በማሽኑ ውስጥ የሚታሰብ አልነበረም፤ ጫፍ መያዝ ነበር ያለው። አነስተኛ የኮምፒውተር ቺፖች ከረከሱ በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ አውቶኮሪሌሽን ወደ ማሽኖቹ ገባ። ከዚያ በፊት ተበታትነው በነጥብ ይታዩ የነበሩት የዶፕለር መስመሮች ተያይዘው የሚነበቡ ሆኑ።

የማን ልብ ነው?

አሁን ወዳቆየነው ቅድመ ሁኔታ እንመለስ። አውቶኮሪሌሽን ጫጫታን የሚያጣፋው ጫጫታው ዑደት ስለሌለው ነው። ዑደት ያለው ሌላ ነገር ከገባ ግን አያጣፋውም፤ ያገነነዋል። በእናት ሆድ ውስጥ ደግሞ ዑደት ያለው ሌላ ነገር አለ፣ የእናትየዋ የራሷ ደም ሥር። ጽንሱ ተገላብጦ ከሞገዱ መንገድ ሲወጣ፣ ወይም ልቡ ሲደክም፣ መሣሪያዋ ከእናትየዋ ትልልቅ የደም ሥሮች የሚመለሰውን እንቅስቃሴ ታገኛለች። ስሌቱ በዚያ ላይ ግሩም አድርጎ ይሠራል፣ ንጹሕና የማያወላዳ ጫፍ ያገኛል፣ ቁጥሩን ያሳያል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ልቡ ግን የጽንሱ አይደለም።

የእናት ልብ ዕረፍት ላይ 80 ገደማ ቢሆንም በምጥ ጊዜ፣ በተለይ ስታምጥና ስትገፋ፣ ከ110 በላይ ሊወጣ ይችላል። ያኔ ከጽንሱ የሚለየው ምልክት በቁጥሩ ላይ የለም። ያለው በመስመሩ ጠባይ ነው። በግፊቱ ጊዜ የጽንስ ልብ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል፤ የእናት ልብ ግን ከድካሙ የተነሳ ይፈጥናል። ማህፀኑ በተኮማተረ ቁጥር መስመሩ ተከትሎ ከፍ የሚል ከሆነ፣ በተለይ ከዚያ በፊት ሲወርድ ከነበረ፣ የተሻሻለ ጽንስ ሳይሆን የተለወጠ ልብ ሊሆን ይችላል። ጽንሱ በማህፀን ውስጥ ሞቶ እያለ ማሽን የእናትን ምት ሲያሳይ መቆየቱ በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ የተመዘገበ ነገር ነው።

ይህን ስህተት ስሌቱን በማጥራት ማስቀረት አይቻልም። አውቶኮሪሌሽን የሚመልሰው «በስንት ጊዜ ይደጋገማል?» ለሚለው ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ማን ነው የሚደጋገመው?» የሚለውን የሚመልስ መረጃ በሰልፉ ውስጥ የለም። ስለዚህ አዳዲሶቹ ማሽኖች የእናትየዋን ምት ከጣቷ ላይ በኦክሲሜትር ለብቻው ይለካሉ፤ ሁለቱ ቁጥሮች ተጣብቀው ሲሄዱ ያስጠነቅቃሉ።

ያ ዓይነት ማሽን በሌለበት ጤና ጣቢያም ማጣራት ይቻላል። ፈረንሳዊው አዶልፍ ፒናርድ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሠራው ቀንድ መሰል ማዳመጫ በአገራችን አዋላጆች እጅ ዛሬም አለ። የሚያሰማው የጽንሱን የልብ ድምፅ ራሱን ስለሆነና ምንም ስሌት ስለሌለበት በእጥፍም በግማሽም አይሳሳትም። መስመሩ በድንገት እጥፍ ወይም ግማሽ ሆኖ ከዘለለ፣ ወይም በየምጡ ከፍ ካለ፣ አንድ እጅ የእናትየዋን የእጅ አንጓ ይዞ በሌላው በኩል በፒናርድ አንድ ሙሉ ደቂቃ ማዳመጥ ያስፈልጋል። የእናትየዋ ምትና ማሽኑ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ከሆኑ፣ የጽንሱ ልብ በሌላ መንገድ እስኪረጋገጥ ድረስ ያ መስመር የጽንሱ ነው ተብሎ ሊወሰድ አይገባም።